ቆርኪና ሳንቲም ስንቆጥር፦ ጥያቄና መልስ

«በሁለት በሁለት ስቆጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ሳንቲም ብቻዋን ቀረች። እንደገና ልጀምር?» (ከደሴ፣ ፒያሳ)

አያስፈልግም። በመጨረሻ ባልሽው ቁጥር ላይ አንድ ጨምሪ።

«ጋሼ፣ ከወንድሜ ጋር ያጠራቀምነውን ቆርኪ በአምስት በአምስት ቆጠርን። እኔ 263 አልኩ፣ እሱ 258። ማን ነው ልክ?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ልዩነቱን እዩት። ልክ አምስት ነው፤ የተረፈውም ለሁለታችሁም ሦስት ነው። ስለዚህ ያጠፋችሁት አንዲት ቆርኪ ሳትሆን አንድ ሙሉ አምስት ሳትሆን አትቀርም፤ ወይ አንዳችሁ ዘላችኋታል፣ ወይ ሌላው ደግሟታል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው መቶ ላይ ነው። «መቶ ዘጠና አምስት» ብሎ ቀጣዩን ስም ሲያስብ እጅ ሳያቋርጥ ይገፋል፣ አፍ ወደ ኋላ ይቀራል። አምስቱ ቆርኪ ሄደ፣ ቁጥሩ ግን አልተጠራም።

መድኃኒቱ ቁጥሩን እጅ ቆርኪውን ካስቀመጠ በኋላ ብቻ መጥራት ነው። አሁን ቆርኪውን አምስት ከላይ፣ አምስት ከታች አድርጋችሁ በአስር በአስር ደርድሩት። አንድ የጎደለበት መደዳ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። አስር አስሮች ሲሞሉ አንድ ሽምብራ ለብቻ አስቀምጡ። ሁለት ሽምብራ፣ ስድስት አስርና ሦስት ቆርኪ ካገኛችሁ 263 ነው፤ አንተ ልክ ነህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ልዩነቱ አንድ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ እፍኙ ውስጥ ነው፤ አምስት የተባለው አራት ወይም ስድስት ነበር። ይህን አፍ አይነግራችሁም፤ «አምስት፣ አስር፣ አሥራ አምስት» ሳይዛነፍ እየሄደ ክምሩ ሊሳሳት ይችላል።

«ሱቄ ውስጥ ባለ ሃምሳ ሳንቲምና ባለ አንድ ብር ተቀላቅሎ አለ። በአስር በአስር ስቆጥር ሒሳቡ አይገጥምልኝም።» (ከኮምቦልቻ)

አስር ፍሬ አስር ብር የሚሆነው በባለ አንድ ብሩ ብቻ ነው፤ አስር ሃምሳ ሳንቲም አምስት ብር ነው። መጀመሪያ ይለዩአቸው። ሃምሳውን በሁለት ጣት ጥንድ ጥንድ እየሳቡ «አንድ ብር፣ ሁለት ብር» ይበሉ። ብሩን አስር አስር ይቆልሉና ቁልሎቹን ጎን ለጎን አስጠግተው ጣትዎን ከላይ ያሳልፉ። አንድ የጎደለው ዝቅ ብሎ፣ የተረፈው ከፍ ብሎ ይሰማዎታል። ከዚያ በኋላም ካልገጠመ ባንክ ያስቆጥሩት።

«የሰባት ዓመት ልጄ አምስት፣ አስር፣ አሥራ አምስት እያለች አንዳንድ ቆርኪ ብቻ ትነካለች።» (ከኮምቦልቻ)

ዜማውን ይዛዋለች፤ አንዱ ቃል አምስት ፍሬ መሆኑን ግን ገና አልያዘችም። አምስት ቆርኪ ደርድሪላትና በየጣቷ አንዳንድ ታስነካ፤ አምስቱም ጣት ሲያርፍ ብቻ «አምስት» ትበል። ቀጣዮቹን አምስት ነክታ «አስር» ትበል። ይህን ስታደርግ ቆርኪውን ወደ ዓይኗ የምታስጠጋ ወይም የምታጨናብስ ከሆነ ግን ቁጥሩን ተዪውና የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ በዚህ ሳምንት።