ድረ ገጹን ስለ ራሱ አትጠይቁት

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁንም ተማሪዎች አሳይመንት ሲሰጣቸው ስልካቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። የሰፈሩ ልጆች አሉ፤ ከመንዝና ከአንኮበር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ድረ ገጽ ይታመናል?»

እኔም «አንተስ ምን አይተህ ወደድከው?» እላለሁ። መልሱ ይመጣል። ገጹ ያምራል። ሎጎ አለው። የጻፉት ዶክተሮች ናቸው ይላል። ከታች የማጣቀሻ ዝርዝር ተደርድሯል። አድራሻው በ.org ያልቃል።

ይህን ሁሉ የነገራችሁ ግን ራሱ ድረ ገጹ ነው። .org የሚለውን አድራሻ ማንም ከፍሎ መግዛት ይችላል። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። እኛ አገር ልጃችንን ለመዳር ስናስብ ስለ ሙሽራው ሙሽራውን አንጠይቅም፤ ጎረቤቱን፣ አብሮት የሠራውን፣ የሚያውቀውን ሰው እናጠያይቃለን። ድረ ገጽም እንደዚያ ነው የሚጣራው። ባለሙያዎቹ «የጎን ንባብ» ይሉታል። ገጹን ከላይ ወደ ታች ከማንበብ ይልቅ ከጎኑ ሌላ ታብ ከፍቶ፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ማየት ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ ይህን በ45 ሰዎች ላይ ፈትሸውታል። ጥናታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። 10ሩ የታሪክ ምሁራን፣ 10ሩ የዜና ማዕከላት መረጃ አጣሪዎች፣ 25ቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከቀረቡላቸው ሥራዎች አንዱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ በተለይ ጤና የምታጠኑ ልብ በሉ።

በትምህርት ቤት ልጆች ስለሚደርስባቸው ጉልበተኝነት የሚያወሩ ሁለት ጽሑፎች ቀረቡ። አንዱ ከ«አሜሪካን አካዳሚ ኦቭ ፔዲያትሪክስ»፣ ሌላው ከ«አሜሪካን ኮሌጅ ኦቭ ፔዲያትሪሺያንስ»። ሁለቱም የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ነን ይላሉ። ስማቸው መንትያ ይመስላል። የሁለቱም ገጽ ንጹሕ ነው፤ ማጣቀሻም አላቸው። የትኛው ይበልጥ ይታመናል?

ብዙዎቹ ተማሪዎች እዚያው ገጹ ላይ ቆዩ። አቀማመጡን አዩ፣ ማጣቀሻውን አዩ፣ ማስታወቂያ እንደሌለው አዩ። ከታሪክ ምሁራኑም ግማሾቹ በትክክል መለየት አልቻሉም። ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! በደንብ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ገጹን በደንብ ስላነበበው ብቻ እውነቱ ላይ አይደርስም። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹ ላይ ብዙ ሳይቆዩ ወጡ፤ የማኅበሩንም ስም ሌላ ታብ ላይ ፈለጉ። ሁሉም ትክክለኛውን መረጡ።

እናንተም ስልካችሁ ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አዲስ ታብ ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

```
"American College of Pediatricians" -site:acpeds.org
```

ጥቅሱ ስሙን ልክ እንዳለ ፈልግልኝ ማለት ነው። የመቀነስ ምልክቷና ከእሷ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከራሱ ከማኅበሩ ገጽ የሚመጣውን አስወግድልኝ ማለት ነው። ምልክቷንና site የሚለውን ቃል በክፍት ቦታ አትለያዩአቸው፤ ከለያያችኋቸው አይሠራም። አሁን የሚመጣላችሁ ሌሎች ስለ እሱ ያሉት ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ቸኩላችሁ አትክፈቱ። የሚስቱት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ታች እያላችሁ የእያንዳንዱን ውጤት ርዕስ፣ አድራሻና ከሥሩ ያለችውን ቁራጭ ጽሑፍ አንብቡ። የዜና ተቋም አለ? ዊኪፔዲያ አለ? ሦስት አራቱ ስለ ማኅበሩ ተመሳሳይ ነገር ይላሉ? ይህን አይታችሁ ነው የሚከፈተውን የምትመርጡት። ዊኪፔዲያ ከተገኘ የመግቢያውን አንቀጽ አንብቡና ከግርጌ ወዳሉት ምንጮች ውረዱ። «መምህራችን ዊኪፔዲያ አትጥቀሱ ብለዋል» ትሉኛላችሁ። አትጥቀሱት፤ መንገድ ጠይቁበት።

የምታገኙት ይህን ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተ፣ ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት፣ «ፔዲያትሪክስ» የተባለውን የሕክምና መጽሔት የሚያሳትም የሙያ ማኅበር ነው። ኮሌጁ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ትንሽ ቡድን ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አካዳሚው ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች በማደጎ ልጅ እንዲያሳድጉ መደገፉን የተቃወሙ ሐኪሞች ተለይተው መሠረቱት።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ተከራክሮኛል። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ከኮሌጁ ጋር ነኝ፤ ታዲያ ለምን አላምነውም?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። በአቋሙ መስማማት ሌላ፣ የሙያውን ድምፅ ይወክላል ማለት ሌላ ነው። አሳይመንትህ ላይ «የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች እንዲህ ይላሉ» ብለህ ከጻፍክ፣ በአንድ አቋም ዙሪያ የተሰባሰቡ ጥቂት ሰዎችን የሙያው ሁሉ ቃል አቀባይ አደረግሃቸው። እንዲያውም ከምንስማማበት ገጽ ይልቅ የማንስማማበትን ለማጣራት እንፈጥናለን። የሚያስደስታችሁን ገጽ ስታገኙ ያችን አንድ ታብ ክፈቱ።

ፓኬጅ ያልቃል ብላችሁ አትስጉ። ረጅም ገጽ ከነፎቶው ጭኖ እስከ መጨረሻው ከማንበብ ይልቅ የፍለጋ ውጤቱን ማየት ዳታም ጊዜም ይቆጥባል።

በአማርኛ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። የተጻፈው ትንሽ ነው። ስሙም በተለያየ ፊደል ይጻፋል፤ በ«ሰ» ፈልጋችሁ ካጣችሁት በ«ሠ»፣ በ«ሀ» ካጣችሁት በ«ሐ» ሞክሩ። ሌላው ችግር መገልበጥ ነው። አምስት ገጾች አንድ ነገር ስላሉ አምስት ምስክር አገኘሁ እንዳትሉ። ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ በጥቅስ ውስጥ ፈልጉት። ቃል በቃል አምስቱም ጋ ከወጣ ምስክሩ አንድ ነው፤ አራቱ ቀድተውታል።

አንዳንዴም ስለ ገጹ ማንም ምንም ያልጻፈበት ጊዜ አለ። የአንድ የአገራችን ሰው ትንሽ ገጽ ስለ ደብረ ብርሃን ታሪክ ቢጽፍ ስለ እሱ ማን ይጽፋል? ዝምታው ውሸታም ነው አያሰኝም፤ ታማኝ ነውም አያሰኝም። ያን ጊዜ ገጹን ትታችሁ የተናገረውን ነገር ፈልጉ። ከተማዋን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቆረቆሯት ካለ፣ ይህ በታሪክ መጻሕፍት በቀላሉ ይገኛል። የእገሌ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓመት ተሠራ ካለና ሌላ ቦታ ካጣችሁት፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ አትቅሩ። ቤተ መጻሕፍት ግቡ፣ የታሪክ መምህራችሁን ጠይቁ። እዚያም ካልተገኘና ግድ መጻፍ ካለባችሁ፣ «እገሌ የተባለው ድረ ገጽ እንደሚለው» ብላችሁ ጻፉት፤ ዓመቱን በራሳችሁ ስም አትናገሩት።