የፏፏቴውን ሌቭል ሙዚቃ ለሚፈልጉት ወንድሜ

«በልጅነቴ ጅማ ጌም ቤት ውስጥ በካሴት የምንጫወተው ጌም ነበር። ሁለት ወታደሮች እየተኮሱ በፏፏቴ ወደ ላይ ይወጣሉ። የጌሙን ስም አላውቅም፤ ሙዚቃውን ግን አልረሳሁትም። እንዴት ላገኘው?»

1. መጀመሪያ ማሽኑን ይለዩ። በሂርማታ አካባቢ እኛ የተጫወትንባቸው የኔንቲዶ ፋሚኮም ቅጂዎች ነበሩ። የፋሚኮም የድምፅ ክፍል አምስት መስመር ብቻ አለው፦ ሁለቱ ዜማውን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ቤዙን፣ አራተኛው ፍሽታ መሰል ድምፅ፣ አምስተኛው አጭር የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ብዙ መሣሪያ አብሮ የሚሰማበት ቅጂ ካገኙ፣ በኋላ እንደ አዲስ የተቀናበረ ነው። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው፤ እዚሁ ከተማ አንድ ኮምፒውተር ቤት «የድሮ ጌም ሙዚቃ» ብሎ ብር ተቀብሎኝ በፍላሽ የጫነልኝ ሁሉ በኦርኬስትራ የተሠራ ነበር። ልዩነቱን ባስረዳውም «ሙዚቃ ሙዚቃ ነው» ብሎ ገንዘቤን ከለከለኝ።

2. ሌቭሉ ስሙን ይነግርዎታል። አንዱ ተጫዋች ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ሱሪ ከለበሰና ከጫካው ሌቭል በኋላ ፏፏቴው ከመጣ፣ ጌሙ የኮናሚ ኮንትራ ነው፤ ፏፏቴው ሦስተኛው ሌቭል ነው። ዩቲዩብ ላይ `Contra NES Waterfall` ብለው ይፈልጉ። የአውሮፓው እትም `Probotector` ይባላል፤ በእርሱ ውስጥ ሰዎቹ በሮቦት ተተክተዋል።

3. እኔን ብዙ ያደከመኝ ፍጥነቱ ነው። ትክክለኛውን ዜማ ሰምቼ «ይህ አይደለም፣ የኛው ዝግ ይል ነበር» ብዬ አልፌው ነበር፤ ምክንያቱን ራሴ ስደርስበት ግን እጅግ ኮራሁ። የጃፓኑና የአሜሪካው ማሽን በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ፣ ለእኛ ዓይነት ቴሌቪዥን የተሠሩት ቅጂዎች የሚያሳዩት 50 ነው። ሙዚቃው በየምስሉ አንድ እርምጃ ስለሚሄድ፣ እዚያ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው እዚህ 72 ሰከንድ ይወስዳል። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው ግን የቺፑ ሰዓት በመሆኑና እርሱም በቅጂዎቹ ላይ ከ1.79 ወደ 1.77 ሜጋኸርዝ ብቻ ዝቅ ስለሚል፣ ለውጡ በጆሮ አይታወቅም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የዩቲዩቡን ፍጥነት ወደ 0.85 ዝቅ ያድርጉት፤ ዩቲዩብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቅጥነቱን ስለማይነካ፣ የሚሰሙት የጌም ቤቱን ሙዚቃ ይመስላል።

አሁንም አንድ ነገር የተጨመረበት ከመሰለዎት አይጠራጠሩ። የጌሙ የተኩስና የፍንዳታ ድምፆች ከሙዚቃው መስመር ይበደራሉ፤ እነርሱ በሚሰሙበት ቅጽበት የዜማው አንድ ክፍል ይቋረጣል። በጨዋታ መሀል የሰማነው እንዲህ የተቆራረጠውን ነው፤ ስለዚህ ሙዚቃው ለብቻው ከተቀዳበት ይልቅ ሰው ሲጫወት የተቀረጸውን ቪዲዮ ከትዝታዎ ጋር ያስተያዩ።