ስልክን ማን ቀድሞ ፈጠረ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የእኔ ጸጉር የሸበተው ከፓተንት ማመልከቻ ጋር ስታገል ነው። አዲስ ነገር የሠራ ወጣት ቢሮዬ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢያስገባስ?» ይለኛል። ወዲያው ደግሞ የቤልና የግሬይን ታሪክ ያነሳብኛል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ስልክን ሊያስመዘግቡ ሄዱ፤ ቤል በሁለት ሰዓት ቀደመ፤ ሀብቱንም ስሙንም ወሰደ። ታሪኩ ሲያወሩት ደስ ይላል። ግን ጉዳዩ የተወሰነው እንዲያ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቀኑ ፌብሩዋሪ 14፣ 1876 ነው፤ ቦታው ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በዚያ ቀን ዋሽንግተን አልነበረም፤ ቦስተን ነበር። ወረቀቱን ያስገቡለት ጠበቆቹ ናቸው። እንዲያውም ቤል ራሱ ገና እንዲገባ አልፈለገም። ጆርጅ ብራውን የሚባል የካናዳ ፖለቲከኛ ማመልከቻውን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር እንዲያስገባለት ተስማምተው ስለነበር የእሱን መልስ እየጠበቀ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሌላ አገር የተመዘገበ ፈጠራ ችግር ይገጥመው ነበርና። የወደፊት አማቱ ጋርዲነር ሃባርድ ግን መጠበቁ ሰለቸው። ቤልን ሳያማክር ጠበቆቹን «አስገቡት» አላቸው።

በዚያው ቀን የኤሊሻ ግሬይ ጠበቃም መጣ። የያዘው ግን ሙሉ ማመልከቻ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። በዚያ ዘመን ሕጉ «ይህን ነገር እየሠራሁ ነው፤ ገና አልጨረስኩም» የሚል ቅድመ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅድ ነበር። ክፍያው 10 ዶላር ሲሆን ለአንድ ዓመት ይጸናል፤ በሚስጥርም ይያዛል። በዓመቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያንኑ ነገር ይዞ ቢመጣ ቢሮው የዚያን ሰው ማመልከቻ ያግድና ለባለ ማስታወቂያው ይነግረዋል። እሱም በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት። ከዚያ በኋላ ቢሮው ሁለቱን አቅርቦ ማስረጃ ይሰማል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የቢሮው የገቢ መዝገብ ዛሬም ይጠቀሳል። በዚያ ቀን ገጽ ላይ የቤል 15 ዶላር አምስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል። የግሬይ 10 ዶላር ያለው 39ኛው ላይ ነው። «ቤል ቀደመ» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ግን የገቢ መዝገብ የሚያሳየው ገንዘቡ የተመዘገበበትን ተራ ነው፤ ወረቀቱ በር የገባበትን ሰዓት አይደለም። የግሬይ ወገኖች የእኛ ጠዋት ገብቶ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሲጠብቅ ውሏል፤ የቤል ጠበቃ ግን አሁኑኑ መዝግቡልኝ ብሎ አስመዝግቧል ይላሉ። ቢሮ ያመላለሰው ሰው ይህ እንደሚሆን ያውቀዋል።

ፌብሩዋሪ 19 የፓተንት መርማሪው ዜናስ ዊልበር ሁለቱን ወረቀቶች አይቶ የቤልን ማመልከቻ አገደ። የቤል ጠበቆች ተቃወሙ። መዝገቡ ይታይ፤ የኛ ቀድሟል፤ ማስታወቂያ የሚያግደው ከእሱ በኋላ የመጣን ማመልከቻ ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። የበላይ ኃላፊው ተቀበላቸው፤ እገዳው ተነሳ። ማርች 7 ቤል ቁጥር 174,465 የሆነውን ፓተንት አገኘ።

ታዲያ ሰዓቱ ወሳኝ ነበራ? ትሉኛላችሁ። አልነበረም። የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ መብቱን የሚሰጠው ቀድሞ ለፈጠረ እንጂ ቀድሞ ላስገባ አይደለም። የገቢ መዝገቡ የግሬይን የሦስት ወር ጊዜ ወሰደበት እንጂ መብቱን አልወሰደበትም። ግሬይ በማግስቱ ሙሉ ማመልከቻ አስገብቶ «ቀድሜ ያሰብኩት እኔ ነኝ» ብሎ መሟገት ይችል ነበር። አላደረገውም። ገንዘብ ያወጣለት የነበረው ሳሙኤል ዋይት የጥርስ ሐኪም ዕቃ የሚያመርት የፊላደልፊያ ባለሀብት ነው። የሚፈልገው በአንድ ሽቦ ብዙ የቴሌግራፍ መልእክት አንድ ላይ የሚልክ መሣሪያ ነበር፤ ገንዘቡ እዚያ ነው ያለው። ድምፅ የሚያወራ ሽቦ ለእሱ ጨዋታ ነው። ግሬይም ተወው። በ1877 ለቤል በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ በሥራ ላይ ያልዋለ ሐሳብን መግለጽ ብቻ ፈጠራ ሊባል አይገባም ሲል አመነ። ይህች ደብዳቤ በኋላ ፍርድ ቤት ስትነበብ ምን እንዳደረገችው መገመት አያቅትም። እናንተም ለተፎካካሪያችሁ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት ይህችን አስቡ።

እስካሁን ለቤል የቆምኩ እመስላለሁ። አይደለም። አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ።

የግሬይ ማስታወቂያ ሥዕል ላይ አንድ ሰው ወደ ዕቃ ሲናገር ይታያል። ከዕቃው ሥር ስስ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑ ቀጭን ዘንግ ወርዶ ፈሳሽ ውስጥ ገብቷል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው ዘንጉ ወደ ታች ወደ ላይ ይላል፤ ጠለቅ ሲል ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፤ ወጣ ሲል ይቸገራል። በዚህ የተነሳ ኤሌክትሪኩ የድምፁን መልክ ይዞ ይሄዳል። የቤል ፓተንት ሥዕሎች ላይ ግን ያለው ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ ፈሳሽ የለም። ፈሳሽ የተነሳበት በጽሑፉ ውስጥ ባሉ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ነው። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ ረቂቅ ላይ ዳር ላይ በእጅ ተጨምረው ይታያሉ። ብራውን ይዞት በሄደው ቅጂ ውስጥ ደግሞ የሉም። ቤል በፌብሩዋሪ መጨረሻ ዋሽንግተን ሄዶ ከመርማሪው ጋር ተገናኝቷል። ማርች 10 ቦስተን ላይ ለረዳቱ «ሚስተር ዋትሰን፣ ና ወዲህ» ያለበት መሣሪያ አሲድ የተጨመረበት ውሃ የነበረው፣ የግሬይን የሚመስል ነው።

በ1886 ዊልበር በቃለ መሐላ ጉዱን አወጣው። መጠጥ ያሸነፈኝ ሰው ነበርኩ፤ የቤል ጠበቃ ገንዘብ አበድሮኛል፤ ለቤልም የግሬይን ማስታወቂያ አሳየሁት፤ 100 ዶላር ሰጠኝ አለ። ቤል በመሐላ ካደ። ቤል ያመነው ማስታወቂያው ውሃ ውስጥ ስለሚንቀጠቀጥ ሽቦ መሆኑን እንደሰማ ብቻ ነው። ዊልበር ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላ የሚል ቃለ መሐላ ፈርሞ ነበር፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ሁለት ጊዜ የማለ ምስክር ይዞ ማን ይረታል? የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ መርማሪው አፉን አልዘጋም ብዬ አምናለሁ። ቤል ግን ድምፅን የሚመስል ኤሌክትሪክ የሚለውን ሐሳብ ከግሬይ አልወሰደም። ጁን 2፣ 1875 ዋትሰን አንዱን ብረት ሲነካ ቤል ሌላው ክፍል ሆኖ ድምፁን ሰምቷል። ማስታወሻውም ደብዳቤውም ቀን አላቸው። በኋላ ለገበያ ያወጣው ስልክም ፈሳሽ የለውም፤ ማግኔት ነው።

አሁን እኔ ለማለት የፈለግሁት ጋ ደረስኩ። ቤል እንዲያሸንፍ ያደረገው የፓተንቱ አምስተኛ የይገባኛል አንቀጽ ነው፤ ፈጣሪው «የኔ ነው» የሚለውን ለይቶ የሚጽፍበት ክፍል ማለት ነው። አንቀጹ «ይህን ዕቃ» አይልም። ድምፅ ሲወጣ አየሩ የሚንቀጠቀጥበትን መልክ የመሰለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ በማስነሳት ድምፅን የማስተላለፍ ዘዴና መሣሪያ ነው የሚለው። ከእሱ በፊት ጀርመናዊው ፊሊፕ ራይስ በ1861 የሠራው መሣሪያ ኤሌክትሪኩን ያቋርጥና ይቀጥል ነበር፤ ፍርድ ቤት በዚያ መንገድ ንግግር አይተላለፍም አለ። ከቤል በኋላ የቴሌግራፍ ኩባንያው ዌስተርን ዩኒየን የኤዲሰንን የተሻለ የካርቦን መናገሪያ ይዞ መጣ። ኤዲሰን ከማግኔትም ከፈሳሽም ሌላ ነገር ነው የተጠቀመው። ግን ካርቦኑም ኤሌክትሪኩን በድምፁ መልክ ነው የሚለዋውጠው። ስለዚህ አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ገባ። ዌስተርን ዩኒየን በ1879 ታርቆ ከስልክ ሥራ ወጣ።

ሰፊ መጻፍ ግን ልክ አለው። የቴሌግራፉ ሰው ሞርስ ኤሌክትሪክን ተጠቅሞ በርቀት መጻፍን በማንኛውም መንገድ የኔ ነው ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1854 ያንን አንቀጽ ጣለበት። ቤል የጠየቀው የተወሰነ የኤሌክትሪክ አጠቃቀምን ነው። በ1888 ያው ፍርድ ቤት ለቤል ፈረደ፤ አራት ለሦስት። ማመልከቻው በገባበት ቀን መሣሪያው አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም የሚለውም መቃወሚያ አልሠራም። ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው የሚችል ያህል በግልጽ ከተጻፈ ይበቃል ተባለ። ሦስቱ ዳኞች የተለዩት ግን ለግሬይ ብለው አይደለም፤ ዳንኤል ድሮባው የሚባል የፔንሲልቬንያ መካኒክ ቀድሟል ብለው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ስልክን ቀድሞ ፈጥሯል የሚባለውን ጣሊያናዊ አንቶኒዮ ሜውቺን ካላነሳሁ ትቆጡኛላችሁ። በዲሴምበር 1871 ቅድመ ማስታወቂያ አስገብቷል፤ ሁለት ጊዜ አድሷል፤ በ1874 መጨረሻ ገንዘቡን አልከፈለም፤ ወደቀ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ2002 ሜውቺ 10 ዶላሩን ቢከፍል ኖሮ ለቤል ፓተንት ባልተሰጠ ነበር የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ሰውየው በድህነት መጎዳቱ ያሳዝናል። እንደ ባለሙያ ግን አልስማማም። ማስታወቂያ የሚያስገኘው ጥሪና ሦስት ወር ብቻ መሆኑን ነግሬአችኋለሁ። በዚያ ላይ የማስታወቂያው ጽሑፍ ኤሌክትሪኩ እንዴት የድምፁን መልክ እንደሚይዝ አያስረዳም፤ በ1887 ዳኛው የፈረዱበትም በዚህ ነው።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። አሜሪካም ከማርች 2013 ጀምራ ቀድሞ ላስገባ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ አትዘግዩ። ነገር ግን ቀድማችሁ ያስገባችሁት ወረቀት ዕቃችሁን ብቻ ከገለጸ፣ ጎረቤታችሁ ፈሳሹን በካርቦን ቀይሮ ያልፋችኋል። ዕቃው ለምን እንደሚሠራ ጻፉ፤ ሌሎች የሚሠራባቸውን መንገዶችም ዘርዝሩ። የጨመራችሁትን ሁሉ ቀን አድርጉበት፤ ዳር ላይ በእጅ አትጨምሩ። ጠበቃ ሲጨምርላችሁም ምን እንደጨመረ ጠይቁት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ፓተንቱን ኢንተርኔት ላይ በቁጥሩ ፈልጉት፤ አጭር ነው። መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ያለውን አምስተኛውን አንቀጽ አንብቡ፤ ቀጥሎ ሥዕል 7ን እዩ። ከዚያ የራሳችሁን ረቂቅ አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ አስተያየቴን በቀይ እጽፍላችኋለሁ።