በሁለት ቋንቋ የሚታተም የሠርግ ጥሪ

ጥያቄ፦ ሠርጋችን አሜሪካ ውስጥ በጥር ወር ነው። የጥሪ ካርዱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ልናሳትም አስበን እንግሊዝኛውን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ መለስነው። እናቴ ግን አንብባ «ይህ የሠርግ ጥሪ አይመስልም» አለችኝ። ምኑ ነው የጎደለው?

መልስ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ችግሩም የቃላት ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው። በእንግሊዝኛው ጥሪ ግሱ የጠሪዎቹን ስም ተከትሎ ወዲያው ስለሚመጣ፣ መስመር በመስመር ሲመለስ «አቶ እገሌ እና ወ/ሮ እገሊት የመገኘትዎን ክብር ይጠይቃሉ» የሚል አማርኛ ይወጣል። በአማርኛ ክብር ከሰው የሚለመን ነገር አይደለም፤ አክብሮቱ የሚገለጸው በግሱና በ«እርስዎ» ነው። ግሱም ሁሉን ነገር አስቀድሞ መጨረሻ ላይ ያርፋል፦

አቶ እገሌ እና ወ/ሮ እገሊት
የልጃቸውን የወ/ሪት እገሊትን እና የአቶ እገሌን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ
እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 6:00 ሰዓት
ባዘጋጁት የምሳ ግብዣ ላይ ተገኝተው
የደስታቸው ተካፋይ እንዲሆኑ በታላቅ አክብሮት ጠርተዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ካርዶች የሚሳሳቱበትን ልብ ይበሉ። ጠሪዎቹ በስማቸው ከተጠቀሱ በኋላ «የደስታችን ተካፋይ» ማለት ተናጋሪውን በመካከል ይለውጠዋል። «የደስታችን» ማለት ከፈለጉ ጥሪውን «እኛ» በሚል ይጀምሩት። እንዲሁም «እንድትገኙልን» ብሎ ጀምሮ «ጠርተዎታል» ብሎ መጨረስ አንዱን እንግዳ በአንድ ጊዜ «እናንተ» እና «እርስዎ» ማለት ነው። «ከነቤተሰብዎ» የሚለውንም አስበው ይጻፉት፤ ልጆችንም ይጠራልና፣ ለሁለት ሰው ብቻ ቦታ ካለ «ከባለቤትዎ ጋር» ማለት ይበቃል።

የሁለቱ ቋንቋዎች መስመሮች ትይዩ ሊሆኑ ስለማይችሉ ጎን ለጎን ከማስተያየት ይልቅ አማርኛውን በአንዱ ገጽ፣ እንግሊዝኛውን በሌላው ገጽ ማድረግን እመርጣለሁ። መስመር ሲቆረጥ «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» ከስሙ ተነጥሎ በመስመር መጨረሻ እንዳይቀር ለአታሚው ይንገሩ። በእንግሊዝኛው ገጽም ሁለቱን ወላጆች በባል ስም ብቻ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ የእኛ እናቶች የሚጠሩት በራሳቸው አባት ስም ነውና የእናትዎ ሙሉ ስም ይታተም።

ቀኑና ሰዓቱ በየገጹ በየራሱ አቆጣጠር ይሁን። በምሳሌው ያለው ጥር 17 ቀን 2018 በእንግሊዝኛው ገጽ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026፣ ሰዓቱም እኩለ ቀን 12:00 ይሆናል። ይህ 12:00 በስሕተት ወደ አማርኛው ገጽ ከተገለበጠ የምሳ እንግዳ ንጋት ወይም ምሽት ላይ ይመጣል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ልዩነቱ እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ስለሚገፋ፣ ጥር 17 ቀን 2020 ጃንዋሪ 26 ላይ ይውላል። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን በሁለቱም ገጽ ያስጽፉ፤ አንዱ እሑድ ሌላው ሰኞ ካለ ስሕተቱ ከማሳተምዎ በፊት ይታያል።