ከስሙ በፊት የጨርቁ ጠባይ

«ፋሽን ዲዛይን ተምሬ ሥራ እየፈለግኩ ነው። አንድ የኦንላይን ቡቲክ የሉክቡክ ምስሎቹን፣ ማለትም ልብሶቹን ለገዢ የሚያሳይባቸውን ምስሎች፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚያሠራው። ለፈተና ሦስት ፕሮምፕት፣ ማለትም ለማሽኑ የሚሰጥ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ጻፊ አሉኝ። የማወጣቸው ምስሎች ያምራሉ፤ ቀሚሱ ግን የእነሱን የሊነን ቀሚስ አይመስልም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ የጨርቁን ስም ብቻ ጽፈሽ ይሆናል። «የሊነን ቀሚስ» ብለሽ ስትተይው ማሽኑ በብዛት ወዳየው የፋሽን ፎቶ ያደላና የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሳቲን የሚፈስ ልብስ ሊያወጣልሽ ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ቀሚሱን ወይም ቁራጭ ሊነን አግኚ። ከላይ ይዘሽ አንጠልጥዪው፤ ከዚያ ጫፉን ጨብጠሽ ልቀቂው። ጭምድዱ እንዳለ ይቀራል፣ እጥፋቱም ሰፋ ይላል። ያየሽውን እንዲህ አድርገሽ ጻፊ፦

«የማያብረቀርቅ፣ መካከለኛ ክብደት ያለው ሊነን፤ ከመቀነቱ ወደ ታች በሰፋፊ እጥፋት ይወርዳል፤ ክርንና ጭን መታጠፊያ ላይ ጭምድድ መስመር ይታያል፤ ሰውነት ላይ አይለጠፍም።»

አቋቋሙን ከዚህ በኋላ ነው የምትመርጪው። እጥፋት ከሚወጠርበት ቦታ ይነሣል። ሞዴሏ ክብደቷን በቀኝ እግሯ ላይ ስትጥል ቀኝ ዳሌዋ ከፍ ይላል፤ እጥፋቱም ከዚያ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ግራ ጉልበቷ ይሄዳል። ምስሉ ሲወጣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣትሽ ወደ ላይ ተከተዪው። ትከሻ፣ ደረት፣ መቀነት፣ ዳሌ ወይም እንደ ክርንና ጉልበት ያለ መታጠፊያ ላይ ካላደረሰሽ ማሽኑ ለጌጥ የጨመረው ሳይሆን አይቀርም፤ ምስሉን ጣዪው። ኪስ በሌለው ቀሚስ ላይ ደግሞ «እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ» አትበዪ፤ ኪስ ሰፍቶ ያመጣልሻል፣ ገዢዋም ኪስ ትጠብቃለች።

ቦታውን በብርሃኑ ምረጪ። የባሕር ዳርቻ ብዙዎች የሚሮጡበት ነው፤ ነፋሱ ግን ሊነኑን እንደ ሻሽ ያውለበልበውና የጻፍሽውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃንም እጥፋቱን ያጠፋዋል። ለነጣ ያለ ሊነን እኔ «ግራጫ ልስን ግድግዳ፣ ከግራ መስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን» ብዬ እጽፋለሁ። የጎን ብርሃን ለእያንዳንዱ እጥፋት ጥላ ይሰጠዋል፤ ግራጫውም የቀሚሱን ጠርዝ ለይቶ ያሳያል።

ሦስቱንም ፕሮምፕት ለዚሁ ቀሚስ ጻፊ። የጨርቁን ዐረፍተ ነገር ሳትነኪ በአንዱ ትቁም፣ በአንዱ ትቀመጥ፣ በአንዱ ደረጃ ትውረድ። ቀጣሪው በሦስቱም ውስጥ ያንኑ ጨርቅ ካየ ችሎታሽን አየ ማለት ነው። ያልተሳካውን የመጀመሪያ ምስልሽንም ከታረመው ጎን አያይዢ፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን ቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ሁለት ነገሮች ግን በቃላት ብቻ አይሆኑም፤ የስፌቱ መስመርና የቁልፎቹ ብዛት። ለዚያ የልብሱን እውነተኛ ፎቶ ከፕሮምፕቱ ጋር ማስገባት አለብሽ፤ ቡቲኩ ካልላከልሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። ምስሉ ሲወጣም ቁልፎቹን ከፎቶው ጋር እያስተያየሽ ቁጠሪ።