ሞዴሉን ከማስኬዳችሁ በፊት፦ ለወጣት የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች

ልጆቼ፣ የእንስሳትን አመጋገብ ከሥጋቸው አይሶቶፕ ማስላት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ነው። እኔ ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልልም። መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ቁጥሮቹ ወደ ኮምፒዩተር ከመግባታቸው በፊት ስለሆነ፣ አንድ ምሳሌ ይዤ እዚያው ላይ ልቆይ።

በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያለ አዳኝ ዓሣ አለ እንበል። ምግቡ የሚመነጨው ከሁለት ቦታ ነው፦ በሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ከሚበቅል አልጌ፣ ወይም በመሀል ውኃ ከሚንሳፈፍ አልጌ። ካርቦን 13 ከተበላው ወደ በላተኛው ሲተላለፍ ብዙ ስለማይለወጥ ሁለቱን ምንጮች ይለያል። ናይትሮጅን 15 ደግሞ በእያንዳንዱ ደረጃ በአማካይ በሺህ 3.4 ያህል ስለሚጨምር ዓሣው ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ይነግረናል። የሐይቁ የምግብ ሰንሰለት ርዝመት ማለት የዚህ የላይኛው አዳኝ ደረጃ ነው።

መነሻችሁ አልጌው ራሱ አይሁን። የአልጌ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ የዓሣ ጡንቻ ግን የብዙ ወራትን ምግብ አማካይ ይይዛል። ስለዚህ ዕድሜያቸው ረዘም ያለውን አልጌ በል እንስሳት ውሰዱ፦ ለዳር ቀንድ አውጣን፣ ለመሀል ውኃ ደግሞ ውኃ እያጣራች የምትመገበዋን ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳ፣ አጣሪዋን። አልጌው ደረጃ 1 ስለሆነ ሁለቱም ደረጃ 2 ላይ ናቸው። የምትመዝኑት ሥጋቸውን ብቻ ይሁን፤ የዛጎል ቅንጣት ከገባ የካርቦኑን ቁጥር ወደ ላይ ይገፋዋል።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ቀንድ አውጣዋ ካርቦን −20፣ ናይትሮጅን 5 ሰጠች። አጣሪዋ −30 እና 7፣ ዓሣው ደግሞ −24 እና 13 ሰጡ። ከታች α ከዳር የመጣው ምግብ ድርሻ፣ TP ደግሞ የዓሣው ደረጃ ነው።

```
α  = (−24 − (−30)) / (−20 − (−30)) = 0.60
TP = 2 + (13 − (5×0.60 + 7×0.40)) / 3.4 = 4.1
```

ከምግቡ 60 በመቶው ከዳር የመጣ፣ የሰንሰለቱም ርዝመት 4.1 ይመስላል። ቀንድ አውጣን ብቻ መነሻ አድርጋችሁ ቢሆን 4.4፣ አጣሪዋን ብቻ ቢሆን 3.8 ታገኙ ነበር። አንድ መነሻ ይበቃል የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ግን ካርቦንም ጨርሶ አይለወጥም ማለት አይደለም፤ በደረጃ በሺህ 0.4 ያህል ይጨምራል። ዓሣው ከመነሻው ሁለት ደረጃ ገደማ በላይ ስለሆነ ከ−24 ላይ 0.83 ስትቀንሱ −24.83 ይሆናል፤ የዳሩም ድርሻ ከ60 ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። የሰንሰለቱ ርዝመት ግን እዚያው 4.1 ላይ ይቀራል። ልብ በሉ፤ አንዱን ውጤት የሚያናጋው ስሕተት ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ከዚህ የከፋው ስብ ነው። ስብ ካርቦን 13 የሚያንሰው በመሆኑ የሰባ ዓሣ ከመሀል ውኃ የበላ ይመስላል። ምልክቱ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ነው፤ በውኃ እንስሳት ከ3.5 ካለፈ ስቡን በኬሚካል አውጡ፣ ወይም በቀመር አርሙ፦

```
የታረመ δ13C = δ13C − 3.32 + 0.99 × (C:N)
```

ምጣኔው 5 ከሆነ እርማቱ 1.63 ይደርሳል። የዓሣችን −24 ከዚህ እርማት በኋላ የተገኘ ነው ብንል፣ እርማቱ ቢዘለል የዳሩ ድርሻ 52 ሳይሆን 35 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። መነሻዎቹንም በዚያው መንገድ አርሙ እንጂ አንዱን አርማችሁ ሌላውን አትተዉ።

3.4 ራሱ አማካይ ብቻ ነው፤ እንደ እንስሳውና እንደ ምግቡ በሰፊው ይለያያል። በእኛ ምሳሌ 2.4 ብትጠቀሙ ርዝመቱ ወደ 4.9 ይሻገራል። የዚህን የደረጃ እርማት መደበኛ ልዩነት የምግብ ድርሻን ለሚያሰላው ሞዴል ሳትሰጡ አንድ ቁጥር ብቻ አትመግቡት።

ምግቦቹ ከሦስት ሲበልጡ በሁለት አይሶቶፕ ብቻ አንድ ቁርጥ መልስ ስለማይገኝ እንደ simmr ወይም MixSIAR ያለ በR የሚሠራ ሞዴል ያስፈልጋል። በ simmr ከማስኬዳችሁ በፊት ሥዕሉን እዩ፦

```
library(simmr)
x <- simmr_load(mixtures, source_names, source_means, source_sds,
                correction_means, correction_sds)
plot(x)
out <- simmr_mcmc(x)
plot(out, type = "matrix")
```

ዓሣዎቹ በደረጃ እርማቱ የታረሙት ምግቦች በሥዕሉ ላይ ከሚሠሩት ቅርጽ ውጪ ከወደቁ ያልሰበሰባችሁት ምግብ አለ፣ ወይም እርማቱ ተሳስቷል። ሞዴሉ ግን ያኔም ያለ አንዳች ማንገራገር መቶኛ ያወጣላችኋል፤ ክፋቱ እሱ ነው። አምስት ምግብ አስገብታችሁ ሁሉም ወደ 20 በመቶ ተጠግተው ከወጡም ጥርጣሬ ይደርባችሁ፤ ምንም ሳያውቅ የጀመረበት ግምት ያው 20 ስለሆነ፣ ዳታው አንዳች ነገር ላይጨምርለት ይችላል። የመጨረሻው ትእዛዝ በሚያወጣው ሥዕል ሁለት ምግቦች በኃይል ተቃራኒ ሆነው ከታዩ፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ከሆነ፣ ሞዴሉ አልለያቸውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ የተለየ ድርሻ አትጻፉ፤ የሁለቱን ድምር ከነ95 በመቶ ክልሉ አቅርቡ።