ኢንክጄት፣ ሌዘር ወይስ ታንክ ፕሪንተር? አንድ ገጽ በስንት ይወጣል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፕሪንተር ጥገና ነው። ለቤት ወይም ለትንሽ ሱቅ ፕሪንተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገዝታችሁም ቀለም እየበላ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ምን ያህል ገጽ እንደምታትሙና ቀለሙን ስንት እንዳሏችሁ ጻፉልኝ። ዋጋ በየከተማውና በየወሩ ስለሚለያይ ሒሳቡን በእናንተው ዋጋ እሠራዋለሁ።

ከሐዋሳ፦ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ልከፍት ነው። በቀን 60 ገጽ ገደማ ጥቁርና ነጭ፣ አልፎ አልፎ ከለር ይኖረኛል። የ85ኤ ቶነር 1,800 ብር፣ የኤፕሰን 103 ቀለም አንዱ ጠርሙስ 1,000 ብር፣ የኤችፒ 123 ጥቁር ካርትሪጅ 2,400 ብር፣ አንድ ደስታ ወረቀት 750 ብር አሉኝ። የቱ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ዋጋውን ቀለሙ ያትማል ለተባለው የገጽ ብዛት አካፍለው። የሌዘሩ 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ ነው፤ 1,800 ሲካፈል አንድ ብር ከ12 ሳንቲም ይመጣል። ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላው የታንክ ፕሪንተር የ103 ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ነው፤ 22 ሳንቲም። የኢንክጄቱ 123 ካርትሪጅ ግን 120 ገጽ ብቻ ነው፤ አንዱ ገጽ 20 ብር። ከሦስቱ ማሽኖች ሲገዛ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሱቅ ውስጥ ግን አይሆንህም።

በወር 26 ቀን ብትሠራ 1,560 ገጽ ታትማለህ። በሌዘር ለቶነር 1,755 ብር፣ በታንክ ለቀለም 350 ብር አካባቢ ታወጣለህ። በካርትሪጅ ከሄድክ በወር 13 ካርትሪጅ ነው፤ 31,200 ብር። ወረቀቱን ደግሞ እይልኝ። 750 ለ500 ሉክ ሲካፈል አንድ ብር ከ50 ነው። ታንክ ከገዛህ ከቀለሙ ይልቅ ወረቀቱ ነው የሚበላህ። ተበላሽቶ የሚጣል አንድ ሉክ ከስድስት ገጽ ጥቁር ቀለም ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ ያለው የገጽ ብዛት ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ቀለም ሲነካው ነው። ይህ አጠር ያለ ደብዳቤ ማለት ነው። የመታወቂያ ኮፒ፣ ጀርባው ግራጫ ሆኖ የሚወጣ የድሮ ሰነድ፣ ፎቶ ያለበት ሲቪ ከዚያ ሦስት እጥፍ ሊበላ ይችላል። ያኔ 1,600 የተባለው ቶነር 500 ገጽ አካባቢ ላይ ያልቃል። ወፍራም መጽሐፍ ኮፒ ስታደርግ ክዳኑ ክፍት ከቀረ ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያ ጥቁር ጠርዝ ከጽሑፉ በላይ ቶነር ይጨርሳል። ነጭ ወረቀት ደርበህበት ኮፒ አድርግ።

እኔ ብሆን ስካነር ባለው ታንክ እጀምር ነበር፤ ለምሳሌ በኤል 3250። ከለር ገጽም በአንተ ዋጋ ጥቁሩ ተጨምሮ 62 ሳንቲም ገደማ ነው። ሁለት ድክመቱን ግን እወቅ። በደቂቃ 10 ገጽ ያህል ነው የሚያትመው፤ እንደ ፒ 1102 ያለ ትንሽ ሌዘር 18 ያወጣል። የ103 ቀለም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ደንበኛህ በክረምት ማመልከቻ ይዞ በዝናብ የሚሄድ ከሆነ ይቀየምሃል። ወረፋው ሲበዛ ሌዘር ትጨምራለህ።

ከአዳማ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ሌዘር በገጽ አንድ ብር ምናምን የምትለው አልገባኝም። እኔ ቶነር የማስሞላው በ400 ብር ነው። ሌዘር ሁሌም ይረክሳል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። የተሞላው ቶነር 1,600 ገጽ ከሰጠህ 25 ሳንቲም ነው፤ ከታንክ ጋር እኩል ሆንክ ማለት ነው። ነገር ግን የ85ኤ ካርትሪጅ ውስጥ ዱቄቱ ብቻ አይደለም ያለው። ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር፣ ድራሙም እዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ይፍቀዋል። አንድ አዲስ ገዝተህ ሦስት ጊዜ ብታስሞላው 3,000 ብር ለ6,400 ገጽ ነው። ወደ 47 ሳንቲም ይመጣል። ጥሩ ዋጋ ነው፤ ግን "ሁሌም" አያስብልም።

ድራሙ ማለቁን ወረቀቱ ራሱ ይነግርሃል። አንድ ነጠብጣብ ወይም ጭረት በየ7.5 ሴንቲ ሜትሩ እየተደጋገመ ከወጣ የድራሙ ዙር ነው። ማስመሪያ አስቀምጠህ ለካው። ሲሞላ ደግሞ የቆሻሻው ክፍል መራገፉን አይተህ አረጋግጥ። ካልተራገፈ ዱቄቱ ሞልቶ ይፈስና ማሽኑ ውስጥ ይበተናል፤ ወረቀቱ ጀርባው ይቆሽሻል።

ሌላ ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ ሦስት ጊዜ ብቻ አትበላቸው። ድራሙንና ምላጩን ቀይሬ ከዚያ በላይ የሄደ ካርትሪጅ ብዙ አለኝ።

መልስ፦ ድራም ከተቀየረ አዎ፣ ይሄዳል። የድራሙን ዋጋ ግን ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለብን። ዱቄቱም ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ጥሩ ያልሆነው ሳይጣበቅ ቀርቶ በጣት ሲነኩት ይለቃል። እኔ ደንበኛ ላይ አልሞክርም፤ አንተ ካመንክበት ሻጭ ጋር የምትሠራ ከሆነ አልከራከርህም።

ከደብረ ብርሃን፦ ለልጆቼ የቤት ሥራ ብዬ ታንክ ፕሪንተር ገዛሁ። በወር አሥር ገጽ ባትም ነው። ቀለሙ ሞልቶ እያለ ጽሑፉ መሐል ነጭ መስመር ይወጣል። ሦስት አራት ጊዜ ክሊኒንግ አደረግሁ፤ ባሰበት።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው ክፍል፣ ሄዱ፣ ደርቋል። ክሊኒንጉን አሁን አቁሚው። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ አትሚ፤ የትኛው ቀለም እንደተቆረጠ በዚያ ይታያል። ካልተስተካከለ ሳታትሚበት 12 ሰዓት አሳድሪውና እንደገና ቼክ አድርጊ። አንዳንዴ ቀለሙ ራሱ ወርዶ ይከፍተዋል። አልሆነም ካለ ፓወር ክሊኒንግ የሚባለው አለ። እሱን ከማስጀመርሽ በፊት ግን ሁሉም ታንክ ቢያንስ ሲሶው ድረስ ቀለም ይኑረው፤ ካነሰ አየር ይስብና ነገሩ ይከፋል።

መብራት እያተመ ሳለ ጠፍቶብሽ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሥራ ሲጨርስ ሄዱ ቀኝ ጥግ ሄዶ እንዳይደርቅ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም ከሶኬት ሲነቀል፣ መሐል ላይ ተከፍቶ ይቀራል። መብራት ሲመጣ አብሪውና ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከዚያ በማሽኑ ቁልፍ አጥፊው። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ከለር ያለበት አንድ ገጽ ይውጣ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በወር አሥር ገጽ ለሚያትም ቤት ታንክ አልመክርም። በዓመት 120 ገጽ ነው። የምታተርፊው የቀለም ዋጋ በክሊኒንግ ይፈስሳል። ትንሽ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ብትገዢ ኖሮ ቶነሩ ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ወር ቢቀመጥም አይደርቅም። ልጆቹ ከለር ካስፈለጋቸው ሱቅ ማሳተም ይረክስሻል።

ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ ሱቅ አለው። ከዚህ ሌዘር ፕሪንተር ይዤለት ልምጣ? እዚህ ቅናሽ ላይ ነው።

መልስ፦ ሌዘሩን ተዪው እህቴ። እዚያ የሚሸጠው ሌዘር በአብዛኛው ለ110 ቮልት ብቻ ነው፤ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይሠራ ነበር፤ ግን ሌዘር የሚፈልገውን ኃይል የሚችል ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው። ታንክ ብታመጪለት ደግሞ የቀለሙ ቁጥር ይለያል። የአሜሪካው ኢቲ 2800 የሚወስደው 522 ነው፤ እዚህ ገበያ ላይ የለመድነው 103 ነው። ከኤችፒ ስሙ መጨረሻ ላይ "e" ያለበትን ካየሽ ኤችፒ ፕላስ በሚባለው የኩባንያው አገልግሎት ውስጥ ለሚገቡ የተሠራ ነው። ኤችፒ ፕላስ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔትና የኩባንያውን ቀለም ብቻ ይፈልጋል። ገንዘቡን ላኪለትና እዚሁ ይግዛ።

ከጎንደር፦ መብራት ስለሚጠፋ ዩፒኤስ አለኝ። ሌዘር ይችላል?

መልስ፦ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አይችልም። ሌዘር ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያቀልጠው 200 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ፊውዘር ነው። ሲሞቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይጮህና ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ታንክ ፕሪንተር ሲያትም 15 ዋት እንኳ አይሞላም። መብራት በሌለበት ሰዓት መሥራት ካለብህ ይሄ ከቀለም ዋጋ በፊት ይመጣል።

ከጅማ፦ አንድ ገጽ በስንት ይወጣል ስትል ደንበኛን ስንት ላስከፍል ማለትህ ነው? እኛ ሰፈር አንዱ ዝቅ አድርጎ ገበያውን አበላሽቶታል።

መልስ፦ እኔ የማወራው ከኪስህ ስለሚወጣው ነው፤ ስለምታስከፍለው አይደለም። ግን ይጠቅምሃል። የቀለሙን፣ የወረቀቱን፣ የተበላሸውን ሉክ ደምር። ከዚያ ማሽኑ የተገዛበትን ዋጋ በሁለት ዓመት ሥራ አካፍለህ ጨምርበት። ከዚያ በታች የሚያስከፍለው ጎረቤትህ ወይ ቶነር እያስሞላ ነው፣ ወይ የማሽኑን ዋጋ አላሰበውም። ኪራይህን ስለማላውቅ ቁጥር አልሰጥህም።

ከአዲስ አበባ፦ የኔ ታንክ ፕሪንተር ሁለቱም ቀይ መብራት ተራ በተራ ብልጭ ድርግም እያለ ቆመ። አንድ ልጅ በሶፍትዌር "ሪሴት" አድርጎልኝ ሠራ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ቀለም ይፈስሳል። ርካሽ ቀለም ስለሞላሁበት ነው?

መልስ፦ የቀለሙ ርካሽነት አይደለም። በክሊኒንግ የሚወጣው ቀለም ሁሉ ከማሽኑ ሥር ያለ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ይቆጥራል፤ ስፖንጁ ይሞላል ብሎ ሲያስብ በእነዚያ መብራቶች ይቆማል። ልጁ ቆጣሪውን ዜሮ አደረገው እንጂ ስፖንጁን አልቀየረም። ስለዚህ ሞልቶ ይፈስሳል። ማሽኑን አታዘንብለው፤ ቀለሙ ወደ ቦርዱ ከሄደ ወጪው ሌላ ነው። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፍና እንደቆመ ወደ ጠጋኝ ውሰደው፤ ስፖንጁ ይቀየር ወይም ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ሪሴት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ርካሹ ቀለም ግን ጠጋኞችም አንስማማም። ዓመታት የሠራበት ማሽን አይቻለሁ፤ በጥቂት ወር ሄዱ የተደፈነም ገብቶልኛል። በሐዋሳው ጠያቂ ዋጋ ከሄድን ኦሪጅናሉ በገጽ 22 ሳንቲም ነው። ግማሹን ብታተርፍ 11 ሳንቲም ነው፤ በ10,000 ገጽ 1,100 ብር። የአዲስ ሄድ ዋጋ ጠይቅና አነጻጽረው።